ድኅነት እና ድህነት፦ የቅዱሳት ስሞች አጻጻፍ በግርጌ ጽሑፍ

መርካቶ ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ተክለ ሃይማኖት የሚያቀና ሰው የዛሬ ትምህርታችንን በመንገዱ ላይ ያነበዋል። የአንዱ ጻድቅ ስም በአንዱ ሱቅ ሰሌዳ ላይ «ተክለ ሃይማኖት»፣ በሚቀጥለው «ተክለሀይማኖት»፣ በታክሲ መስታወት ላይ ደግሞ «ተክለሐይማኖት» ሆኖ ይገኛል። መንገደኛው አይቸገርም፤ ሰፈሩን «ተክልዬ» ብሎ ጠርቶ፣ ተሳፍሮ ይሄዳል። ሰሌዳ ለአንድ ሱቅ የተሰቀለ ነው፤ ጎረቤቱ በሌላ ፊደል ቢጽፍ አይመለከተውም። እናንተ የምትጽፉት ግን ሰሌዳ አይደለም። በአንድ ቻናል ላይ፣ በአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ስም፣ ከዓመት እስከ ዓመት የሚቆይ የትምህርት ጽሑፍ ነው። ባለፈው ወር ያያችሁት ቪዲዮ «ምሕረት» ካለ የዚህ ወሩም «ምሕረት» ማለት አለበት።

ሰብታይትል የምንለውን የግርጌ ጽሑፍ ማን እንደሚያነበው አስቡ። አንዱ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ የሚውለውና በዚያ ሁሉ የጋሪና የተሸካሚ ጩኸት መሐል ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ነጋዴ ነው። ሌላዋ ውጭ አገር ተወልዳ ፊደል በመቁጠር ላይ ያለች ልጅ ናት። ከሁሉ በላይ ግን መስማት የተሳነው ምእመን አለ። ለሚሰማ ሰው የመምህሩ ድምፅ፣ አነጋገሩ፣ ቆም ማለቱ የፊደሉን ስሕተት ይሸፍንለታል። መስማት ለተሳነው ግን ፊደሉ ራሱ መምህሩ ነው፤ ፊደሉ ከሳተ የሚያርምለት ሌላ ድምፅ የለም።

ይህንን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የነገረ ድኅነት ትምህርት ላይ የግርጌ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። መምህሩ የሐዋርያው ጳውሎስን ሁለተኛ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ቁጥር 9 ይዘው፣ ባለጠጋ የሆነው ጌታ ስለ እኛ ድሀ መሆኑን ያስረዳሉ። ሲያጠቃልሉም «ጌታ ድህነታችንን የተቀበለው ለድኅነታችን ነው» አሉ። እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን ሁለቱንም በሃሌታው ህ ጻፍኩት፦ «ድህነታችንን የተቀበለው ለድህነታችን ነው።» ቪዲዮው ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ መስማት የተሳናት አንዲት እኅት በወረቀት ጽፋ «ጌታ ድሀ የሆነው እኛ ድሀ እንድንሆን ነው?» ስትል ጠየቀች። በፊደሉ ያነበበችው ያንኑ ነው። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ የኔታ ሄድኩ። ከደጀ ሰላሙ ጥላ ተቀምጠው ነበር።

«የኔታ፣ ይህ አንድ ፊደል ነው እኮ፤ ይህን ያህል ያመጣል?» አልኳቸው።

«አንድ ፊደል አይደለም ልጄ፤ አንድ ግስ ነው» አሉኝ። «ፊደሉን አትጠይቅ፤ ከየት እንደመጣ ጠይቅ።»

ትምህርቱ በሙሉ የሚያርፈው በዚች መልስ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንፍታት።

በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አይለያዩም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በግእዝ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቤት ስላለው ሊቃውንቱ ስም አውጥተውላቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሞቹን በቃላችሁ ያዙ። ስትተራረሙ «ያኛው ሀ» ከመባባል «በብዙኃኑ ጻፈው» መባባል ጊዜም ክርክርም ይቆጥባል።

በግእዝ «ድኅነ» ማለት ዳነ ማለት ነው፤ በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። ከዚህ ግስ «ድኅነት» ይወለዳል፤ «መድኃኒት» ይወለዳል፤ «መድኃኒ» ማለትም አዳኝ ይወለዳል። «መድኃኔ ዓለም» ስንል የዓለም አዳኝ ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ኒ ወደ ኔ የተለወጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። በግእዝ አንድ ስም ከሌላው ጋር ሲናበብ መጨረሻው ይለወጣል፤ «የዓለም» የሚለውን «የ» የተሸከመችው ይህች ኔ ናት። ስለዚህ «መድኃኒዓለም» ብሎ በኒ የጻፈ ሰው ሁለቱን ቃላት የሚያያይዘውን ማሰሪያ ፈታው ማለት ነው። «መድሀኔአለም» ብሎ የጻፈም ሁለት ነገር አጥፍቷል፦ አዳኙን ከማዳኑ ግስ ለይቶታል፤ ዐይኑ ዓ የነበረውን ዓለምም በአልፋው ጽፎታል።

በአንጻሩ «ድህነት» የድሀ መሆን ነው፤ ከድኅነ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ያቺ እኅት ያነበበችው ይህን ነው።

አሁን ወደ ሌላ ስም እንለፍ። «ኪዳነ ምሕረት» የሚለው ስም ከ«መሐረ» የመጣ ነው፤ መሐረ በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ይቅር አለ ማለት ነው። ሌላ «መሀረ» አለ፤ በሃሌታው ሀ ሲሆን አስተማረ ማለት ነው። ከእርሱ «መምህር» እና «ትምህርት» ይወለዳሉ። እንግዲህ «ኪዳነ ምህረት» ብሎ በሃሌታው የጻፈ ሰው፣ ሥሩን ለሚያውቅ አንባቢ፣ የይቅርታውን ኪዳን ወደ ማስተማር ግስ አዙሮታል። «ተዋሕዶ»ም እንዲሁ በሐመሩ ነው፤ «አሐዱ» እና «ዋሕድ» ከሚሉት ቃላት ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ። «ሰአለ» በእሳቱና በአልፋው ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» በንጉሡና በዐይኑ ሥዕል ሣለ ነው። እመቤታችንን ለምኚልን የምንልበትን ቃል በንጉሡ የጻፈ ሰው «ሣዪልን» ብሎ ጽፏል።

የጥንቃቄ ብዛትም ሌላ ስሕተት ይወልዳል። ንጉሡን ሠ መንፈሳዊ፣ እሳቱን ሰ ዓለማዊ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ወጣት አይቻለሁ፤ «ቅዳሤ» እና «ሥላሤ» የሚሉ ጽሑፎች የሚመጡት ከዚያ ነው። ሥላሴ ከ«ሠለስቱ» ማለትም ከሦስት ስለመጣ የመጀመሪያው ፊደል ንጉሡ ነው፤ የመጨረሻው ግን እሳቱ ሴ ነው። ቅዳሴ ከ«ቀደሰ» ስለመጣ በእሳቱ ብቻ ይጻፋል። ክብር የሚገኘው ከፊደሉ መልክ አይደለም፤ ሥሩ የሚለውን በታማኝነት ከመጻፍ ነው።

ሥሩን ከየት እናገኛለን? ሊቅ አጠገባችሁ ካለ ሊቁን ጠይቁ። ከሌለ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» አለ፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመ ነው። ቃላቱን የሚያቀርበው በግሳቸው ሥር ስለሆነ የምትፈልጉት በትክክል ይህ ነው። ለአማርኛ ቃላት በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ይረዳችኋል። የታተሙ የጸሎት መጻሕፍትን ብቻ ምስክር አታድርጉ። በራጉኤል ዙሪያ ካሉት ሱቆች የገዛኋቸው ሁለት ትንንሽ የጸሎት መጻሕፍት አንዱን ጸሎት በተለያየ ፊደል ጽፈውት አግኝቻለሁ፤ አንደኛው እንዲያውም በአንድ ገጽ ላይ ራሱን ይቃረናል።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሥራ መዝገብ ማዘጋጀት ነው። አንድ ሠንጠረዥ በቂ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የመረጥነው አጻጻፍ ይገባል፤ በሁለተኛው ሥሩና ትርጉሙ፤ በሦስተኛው ሰው በስሕተት የሚጽፋቸው መልኮች፤ በአራተኛው ማን እንደወሰነና መቼ። ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ አትተዉ። ትክክለኛውን አጻጻፍ ብቻ የያዘ ዝርዝር አዲስ ጸሐፊ ሲመጣ «ለምን?» ሲባል መልስ የለውም፤ መልስ የሌለው ሕግ ደግሞ በሁለት ወር ይረሳል። ሥሩ የተጻፈበት መዝገብ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ለሌለ ቃል እንኳ ይመልሳል። ድኅነ በብዙኃኑ መሆኑን ያወቀ ልጅ «መድኃኒታችን» የሚለውን ሳይጠይቅ ይጽፈዋል።

የቃላት መለያየትንም እዚያው ወስኑ። መድኃኔ ዓለም፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም በግእዝ የተናበቡ ሁለት ሁለት ቃላት ናቸው። እኛ ለያይተን ለመጻፍ ወስነናል። ይህ ግን አንድ ችግር ያመጣል፦ የግርጌ ጽሑፍ መስመሩ ሲሞላ «መድኃኔ» ላይ ቀርቶ «ዓለም» ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያም ከፍቶ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ ይሻገራል። አንዳንዶች ሁለቱን የሚያጣብቅ የማይሰበር ክፍተት በመሐል ያስገባሉ። እኔ አልመክረውም። ለዐይን ተራ ክፍተት ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ በኋላ ስሙን ስትፈልጉ አታገኙትም። ይልቅ መስመሩን ከስሙ በፊት ራሳችሁ ስበሩት፤ ስሙ ሙሉውን ወደ ታች ይውረድ።

አሁን ወደ ቀደሙት ቪዲዮዎች እንመለስ። የሁለት ዓመት ቪዲዮዎች በሦስት አራት ሰው እጅ ተጽፈዋል፤ እነሱን ማቅናት አለብን። መልካሙ ነገር የግርጌ ጽሑፍ ከምስሉ የተለየ ፋይል መሆኑ ነው፤ አውርዶ፣ አርሞ፣ መልሶ መጫን ይቻላል። በምስሉ ላይ የታተመ ርእስ ግን ቪዲዮው እንደ አዲስ ካልተሠራ አይታረምም፤ ስለዚህ ስሞችን በምስል ላይ ከማተማችሁ በፊት ሁለት ጊዜ እዩ። የወረደው ፋይል በማንኛውም የጽሑፍ መጻፊያ ይከፈታል፤ ውስጡ ይህን ይመስላል፦

```
41
00:07:12,400 --> 00:07:16,100
ጌታ ድህነታችንን የተቀበለው
ለድህነታችን ነው
```

ይህ ያ የኔ ስሕተት ነው። ስንት ቦታ እንዳለ ለማወቅ በቀደሙት ፋይሎች ሁሉ መፈለግ አለብን፤ ፍለጋው ግን የአማርኛን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ለኮምፒውተር ህ፣ ሕ እና ኅ ምንም የማይገናኙ ሦስት ምልክቶች ናቸው፤ አንዱን ብትፈልጉ ሌላውን አያሳያችሁም። ደግሞም በአማርኛ ቃሉ ከፊት «ለ»፣ «በ»፣ «የ» ይጨመርበታል፤ ከኋላው ሲጨመር የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል፦ ድኅነት፣ ድኅነቱ፣ ድኅነታችን። «ድኅነት» ብሎ የፈለገ «ድኅነታችን» የሚለውን አያገኝም፤ ት ወደ ታ ተለውጣለችና። ስለዚህ ሦስቱንም ሀ እና ሰባቱንም የተ ዘሮች አስገብተን እንፈልጋለን፦

```
grep -rnE "ድ[ህሕኅ]ነ[ተቱቲታቴትቶ]" srt/
```

ትእዛዙን የማይጠቀም ሰው በጽሑፍ መጻፊያው መፈለጊያ «ድህነ»፣ «ድሕነ»፣ «ድኅነ» እያለ አንድ በአንድ ቢፈልግ ያው ነው፤ ረዘም ይላል እንጂ።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚፈተንበት ነገር አለ። ዝርዝሩ ሲመጣና «ድህነ» ብዙ ቦታ ሲታይ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ «ድኅነ» ለውጦ መገላገል ያምራል። አታድርጉት። የ41ኛውን ጽሑፍ ሁለት መስመሮች እዩ። በጅምላ ብትለውጡ «ድኅነታችንን የተቀበለው ለድኅነታችን ነው» ይሆናል፤ ጌታችን ድኅነትን ከእኛ እንደተቀበለ፣ አዳኝ ሳይሆን የዳነ እንደሆነ ይነበባል። የመጀመሪያው ስሕተት ያቺን እኅት አስጠየቃት፤ ይህኛው ግን የሃይማኖት ስሕተት ነው። ትክክለኛው እርማት የመጀመሪያውን ትቶ ሁለተኛውን ብቻ መለወጥ ነው፦

```
41
00:07:12,400 --> 00:07:16,100
ጌታ ድህነታችንን የተቀበለው
ለድኅነታችን ነው
```

ስለዚህ ፍለጋው ቦታውን ያሳየናል እንጂ አይወስንልንም። እያንዳንዱን መስመር ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር አንብቡ፤ ከተጠራጠራችሁ ቪዲዮውን በዚያ ደቂቃ ከፍታችሁ መምህሩን ስሙ። «ምህረት» የሚለውን ስታርሙም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ለማሳጠር «ምህረ»ን በሙሉ ወደ «ምሕረ» ብትለውጡ፣ «መምህረ» የሚለው ማዕረግ «መምሕረ» ይሆናል፤ ማስተማር የነበረው ወደ ይቅርታ ይዞራል። ከላይ በሥሩ የለየናቸው ሁለት ግሶች በአንድ ቁልፍ ተቀላቀሉ ማለት ነው። ለዚህ ነው እኔ ከስሞች ሁሉ ሳይሳሳቱ በጅምላ የሚለወጡት እንደ «መድሀኔአለም» ያሉ ሌላ ትርጉም ሊኖራቸው የማይችል ብቻ ናቸው የምለው፤ እነርሱንም ከመለወጤ በፊት የድሮውን ፋይል ቅጂ አስቀምጣለሁ።

ተናጋሪው ያለውን ከመዝገቡ ጋር የሚያጋጭ ነገር ሲመጣስ? ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። አንዲት እናት በምስክርነታቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ቢሉ «እግዚአብሔር» ብዬ ላርመው? አይታረምም። የተናገሩት እግዜር ነው፤ መስማት የተሳነው ሰው የእርሳቸውን ለዛ የማግኘት መብት አለው። መዝገቡ የሚገዛው ድምፅ ሳይለወጥ ፊደል የሚለዋወጥበትን ቦታ ብቻ ነው። ድምፅ የተናጋሪው ነው፤ እኩል ከሚሰሙት ፊደሎች አንዱን መምረጥ ግን የእኛ ነው። መምህሩ የግእዝ ጸሎት ሲያነቡ ደግሞ በግእዝ ይጻፍ፤ በቅንፍ ትርጉም አታስገቡ። ዜማ ብቻ ሲሆን ዜማ መሆኑን ጽፋችሁ ዝም በሉ።

ሊቃውንት ራሳቸው የሚለያዩባቸው ቃላትም አሉ። ከእነርሱ አንዱ ማኅሌት ነው። የግሱን መዝገብ ካያችሁ «ሐለየ» በሐመሩ ዘመረ ነው፤ «ኀለየ» በብዙኃኑ ደግሞ አሰበ ነው፤ ኅሊና የመጣው ከዚህ ነው። በሥሩ ብንሄድ ማሕሌት በሐመሩ መጻፍ ነበረበት። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድና በብዙ የታተሙ መጻሕፍት ግን ማኅሌት በብዙኃኑ ይጻፋል። ሥሩን የሚያስቀድም ሊቅ አንዱን፣ ልማዱን የሚያከብር ሌላውን ይላል፤ ሁለቱንም የሚያስወቅስ ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ቃል እናንተ አትፍረዱት። ለሊቁ አቅርቡ፤ የሰጡትን ውሳኔ በመዝገቡ ጻፉ፤ ሌላኛውን አጻጻፍ በሦስተኛው ዓምድ «የተለየ አጻጻፍ» በሉት እንጂ «ስሕተት» አትበሉት። «ምሥጢር» እና «ምስጢር»ንም በዚሁ መንገድ አስተናግዱ፤ ከግሪክ የመጣ ቃል ስለሆነ በግእዝ ግስ አይፈረድም።

የእኛ መዝገብ ላይ ማኅሌት በብዙኃኑ ተወስኗል። ከጎኑ በአራተኛው ዓምድ የኔታ ራሳቸው በእጃቸው የጻፉት አለ፦ «ለዚህ ቻናል በብዙኃኑ ይሁን፤ በሐመሩ የጻፈውን አትንቀፉ።» ከዚያ በታች ያለው መስመር «ሥርየት» ሲሆን እስካሁን ባዶ ነው፤ በቀደሙት ፋይሎች በንጉሡም በእሳቱም ተጽፎ አግኝተነዋል። እስኪወሰን ድረስ በአዲስ ቪዲዮዎች ላይ ሲመጣ በመዝገቡ እንዳለው «ሥርየት» ብላችሁ ጻፉት፤ የፋይሉን ስምና ደቂቃውን ግን በመስመሩ ላይ መዝግቡ፣ የኔታ ሲመልሱልን የምናርመውን ቦታ እንዳንፈልግ።